ኢንተር መምታት ግጥም አይደለም

«ነጻ ግጥም ነው» እየተባለ የተቆራረጠ ስድ ንባብ ሲቀርብልኝ ሰልችቶኛል። ቤት በሚመታ ግጥም ስንኙ የት እንደሚያልቅ ጆሮ ይነግረናል። ነጻ ግጥም ይህን ምልክት ትቷል፤ ስለዚህ ገጣሚው መስመሩን ለምን እዚያ ጋ እንደቆረጠ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ለማሳያ ያህል የጻፍኩትን እዩት፦

ወንድሜ
ማታ ይመጣል ብዬ
በሩን አልቆለፍኩም

ሦስት መስመር ነው፤ ግን ስናወራም የምናርፈው እዚያው ነው። አንድ ላይ ቢጻፍ ምንም አይጎድልበትም። አሁን ደግሞ፦

ወንድሜ ማታ ይመጣል
ብዬ በሩን አልቆለፍኩም

አንባቢው የመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ ሲያርፍ ወንድምየው በእርግጥ ይመጣል፤ «ይመጣል» ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ ግሥ ነዋ! ከዚያ «ብዬ» ትከተልና እርግጡን ተስፋ ብቻ ታደርገዋለች። አንድም ቃል አልተጨመረም። በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው ቅስም የሰበረችው ያቺ እረፍት ናት።

«ታዲያ ሁሌ ከ‹ብዬ› በፊት እንቁረጥ?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አይደለም። ወጥመዱ በየመስመሩ ከተደገመ አንባቢው ይለምደዋል፤ «ይመጣል» ሲባልም አያምንም።

መፈተኛው ቀላል ነው። መስመሮቹን ቀጥሉና እንደ ስድ ንባብ አንብቧቸው። የጠፋ ነገር ከሌለ ቆረጣው ይሰረዝ። እኔ ኮድ ስጽፍ ሥራ የሌለውን መስመር አጠፋለሁ፤ ገጣሚውስ ለምን ያስቀራል?