‹‹በረዳትነት ሠርቻለሁ›› የሚባል ሥራ የለም

የአገራችን ወጣት ሲቪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኢንተርኔት ቤት ከተቀመጠ አሮጌ ፋይል ላይ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚታተመው ነው፤ ‹‹ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫና የምቋቋም›› ይላል። ሌላው ዘመናዊው ነው፤ ‹‹ሽያጭ በ40 በመቶ አሳድጌያለሁ፣ የደንበኛ እርካታ 95 በመቶ አድርሻለሁ›› ይላል። የመጀመሪያው ምንም አይናገርም፤ ሁለተኛው ይዋሻል። ሁለቱም የሚወለዱት ግን ከአንድ አባባል ነው። ‹‹የሠራሁበት ቦታ ዕቅድም ሪፖርትም አልነበረውም፤ ስለዚህ የምጽፈው ቁጥር የለኝም።›› ዛሬ የምጣላው ከዚህ አባባል ጋር ነው።

ዕቅድ የሌለው ሥራ በአገራችን ሞልቷል፤ እንዲያውም አብዛኛው ሥራችን እንደዚያ ነው። መጠን የሌለው ሥራ ግን እስኪ አሳዩኝ! ሱቅ የጠበቀ ሰው ስንት ደንበኛ አስተናግዷል፤ የዕቁብ ጸሐፊ የነበረ ስንት ሰው ስንት ዙር ጽፏል፤ ክረምት ላይ የሰፈር ልጆች ያስጠና ስንት ልጅ ይዟል። ይህን ሁሉ አለቃ ስላልጠየቀን ያልተሠራ አስመሰልነው።

ነገሩን በምሳሌ ልያዘው። መርጡለ ማርያም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ገዳሙንና ንግሥት እሌኒን ነው። እኔ ግን አሁን ስለ እህል መጋዘን ነው የማወራው። አንዲት የመርጡለ ማርያም ልጅ እንውሰድ። ማኔጅመንት ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ፣ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. ሁለት ዓመት በአጎቷ የእህል መጋዘን ሠራች እንበል። ገበሬው ጤፉን በአህያ ጭኖ ሲመጣ ትመዝናለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ትከፍላለች፤ ሲጠራቀም ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አይሱዙ ታስጭናለች። ከዚያ ባሕር ዳር ሄዳ ለገንዘብ ያዥነት ስታመለክት ሲቪዋ ላይ ምን ትጽፋለች? ‹‹በእህል ንግድ በረዳትነት ሠርቻለሁ።›› አለቀ። ጠያቂው አንድ መስመር አንብቦ ‹‹የሥራ ልምድ የላትም›› ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ብር ቆጥራ የከፈለች ልጅ ለገንዘብ ያዥነት ‹‹ልምድ የላትም›› ተባለች ማለት ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ በእጇ ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ ትለይ። ሦስት ነገር አለ፦ ግዢ፣ ኩንታልና ብር። ከግዢው ትጀምር። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ትዝ ያለውን ትልቅ ቀን ወስዶ በ52 ሳምንት ማባዛት ነው። ትዝ የሚለን ደግሞ ሁልጊዜ የተጨናነቀው ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ አዲስ እህል ገብቶ፣ በር ላይ አህያ ተሰልፎ። ሐምሌ ላይ ግን ገበሬው የሚሸጠው ቀርቶ ራሱም ገዢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓመቱን ለሁለት ትክፈለው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 17 ያህል ሳምንት አለ። በሳምንቱ ትልቅ የገበያ ቀን ከ25 እስከ 30 ግዢ ነበር ካለች ዝቅተኛውን፣ 25ን ትያዝ፤ 425 ይሆናል። በቀሩት 35 ሳምንታት ከ6 እስከ 10 ከነበረ 6ን ትውሰድ። ለበዓልም ለሕመምም የቀረችባቸውን 4 ሳምንታት ትቀንስ፤ 31 በ6 ሲባዛ 186። ድምሩ 611። ሲቪው ላይ የሚሰፍረው ‹‹በዓመት በግምት ከ600 በላይ ግዢ›› ነው።

‹‹ከ600 በላይ ገበሬ›› አላልኩም፤ ልብ በሉ። ያው አንዱ ገበሬ በዓመት አምስት ጊዜ ይመጣል። ግዢውን ገበሬ ብላ ከጻፈች ጠያቂው ‹‹በአንድ ወረዳ 600 ደንበኛ ነበራችሁ?›› ሲላት ትንተባተባለች። የምትቆጥረውን ነገር ስም በትክክል መጥራት ከቁጥሩ አይተናነስም።

ይህ እስካሁን ግምት ነው። ግምት ነውር የለበትም፤ ነውሩ አንድ እግር ብቻ ያለው ግምት ነው። ሁለተኛ መንገድ ፈልጋ ታመሳክረው። አንድ አህያ በአማካይ ግማሽ ኩንታል ይዞ መጣ ብትል 611 ግዢ ወደ 305 ኩንታል ይጠጋል። አሁን ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ወረቀት ትፈልግ፤ መኪና ሲጫን የተጻፈውን። በዓመቱ 6 ጊዜ 50፣ 50 ኩንታል ተጭኗል ካለ 300 ነው፤ የቀረው እዚያው ከተማ በችርቻሮ ሄዷል። ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ፤ እንግዲህ ትጻፈው። የጭነቱ ወረቀት 700 ቢል ኖሮ ግን ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ምናልባት በጅምላ የገባ፣ እሷ ያልመዘነችው እህል አለ። እስኪጣራ ድረስ ሁለቱንም ቁጥር አትጻፍ።

ብሩስ? ብሩን ትተወው ነው የምለው። ‹‹በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያህል ብር አንቀሳቀስን፣ በሁለተኛው ይህን ያህል ጨመረ›› ማለት ያጓጓል፤ ዕድገት ይመስላላ። በነዚያ ዓመታት ግን ጤፍ ራሱ እንዴት እንደናረ የከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ኩንታሉ ሳይጨምር፣ እንዲያውም ቀንሶ፣ ብሩ ሊያብጥ ይችላል። የዋጋ ንረትን የራሱ ጉብዝና አድርጎ የሚጽፍ ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው፤ ሻጩም፣ የቤት ደላላውም፣ አንዳንድ ሥራ አስኪያጅም። ኩንታል ግን ኩንታል ነው፤ ዘንድሮም አምናም 100 ኪሎ። በዚያ ላይ ብሩ የአጎቷ ገበና ነው። ጋሼ ለማንም ያልነገሩትን ሽያጭ እሷ ወረቀት ላይ አትማ ባሕር ዳር አዙራ አትበትነውም። ከማመልከቷ በፊትም ደውላ ‹‹ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው፤ ቢጠይቁዎት ትክክል ነው ይላሉ?›› ትበላቸው። እሳቸው ‹‹ኧረ በዛ›› ካሉ ይቀነሳል።

አሁን ወደ በመቶኛው እንምጣ። ይህን በሽታ ወጣቱ ብቻውን አልፈጠረውም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቢፒአር መጣ፣ ተከትሎ ቢኤስሲ መጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለራሱ ነጥብ መስጠት ለመደ። ‹‹የዕቅዱን 108 በመቶ አሳክተናል›› የሚል ሪፖርት በዜና እየሰማን ነው ያደግነው። ዕቅዱ ስንት እንደነበር ማንም አይነግረን፣ እኛም አንጠይቅ። የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቅ ሲቪ ሲጽፍ በመቶኛ ቢወድ ምን ይገርማል?

በመቶኛ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ የበፊቱንና የኋላውን። ሪፖርት ያልነበረው ቦታ ላይ የሚጠፋው ደግሞ የበፊቱ ነው። ልጅቷ ደብተሩን በዓምድ ከፋፍላ፣ ጠዋት የተረከበችውን ብር፣ የከፈለችውንና ማታ የቀረውን ለይታ መጻፍ ጀመረች እንበል። ከዚያ በፊት ሒሳብ ሲጎድል ጭቅጭቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀነሰ። በስንት? አይታወቅም፤ የጭቅጭቅ መዝገብ የያዘ የለም። ‹‹ጉድለትን በ80 በመቶ ቀነስኩ›› ካለች ዋሸች። ግን ሌላ የምትለው አለ። ከደብተሮቹ አንዱ ሳይጠፋ ተርፏል፤ 40 የገበያ ቀን አለበት። ቁጭ ብላ ቀን በቀን ትደምረው። በ38ቱ ቀን ሒሳቡ ልክ ከተዘጋ፣ በ2ቱ ከጎደለ፣ ይኸውላችሁ ቁጥር! ማንም ዒላማ አልሰጣትም፣ ማንም ሪፖርት አላስጻፋትም፤ ቁጥሩ ግን ከ108 በመቶ ይልቅ እውነት ነው። ‹‹በተረፈው ደብተር ላይ›› የምትለዋን ቃል ብቻ እንዳትረሳት። 40 ቀን ሁለት ዓመት አይደለም።

ሁለቱ የጎደሉት ቀኖችስ? አንዳንዱ መካሪ ‹‹ደብቂያቸው›› ይላታል። እኔ አላምንበትም። ለገንዘብ ያዥነት የሚቀጥር ሰው መቶ በመቶ የሚል ሲያይ ነው የሚጠራጠረው፤ ገንዘብ ቆጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ሒሳብ አንዳንዴ እንደሚጎድል ያውቃላ።

እንግዲህ ሲቪው ላይ የሚወጣው ይህ ነው፦

‹‹ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም.፣ መርጡለ ማርያም፣ የእህል መጋዘን፦ በዓመት በግምት ከ600 በላይ የጤፍ ግዢ መዝኜ፣ መዝግቤና በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ተረክቤያለሁ። በዓመት ወደ 300 ኩንታል አስጭኜ ልኬያለሁ። የዕለት ገንዘብ መዝጊያ መዝገብ አዘጋጅቻለሁ፤ በእጄ ባለው ደብተር ከ40 የገበያ ቀናት በ38ቱ ሒሳቡ ልክ ተዘግቷል።››

አራት መስመር አይሞላም። ‹‹ታታሪ›› የሚል ቃል የለበትም። ገበሬው ለምን ከጎረቤት ነጋዴ ይልቅ ወደ እነሱ በር ይመጣ እንደነበርም አይናገርም፤ ሚዛኗን ስላመኗት ሊሆን ይችላል፣ ግን ይህን የሚያሳይ ቆጠራ የላትም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአፏ ታስረዳው እንጂ ቁጥር አታልብሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ለቀጣሪዎች። ‹‹ልምዱ በደብዳቤ ይረጋገጥ፣ አፈጻጸሙ በሪፖርት ይደገፍ›› እያላችሁ ማስታወቂያ የምትለጥፉ፣ ይህ አገር በማን ትከሻ ነው የቆመው? ማኅተም በሌለው መጋዘን፣ ደብዳቤ በማይጽፍ ጋራዥ፣ ሪፖርት በማያውቅ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ከውድድር ካስወጣችሁ የሚቀርላችሁ ቢሮ ተቀምጦ 108 በመቶ ሲጽፍ የኖረው ነው። ማኅተም የሚያረጋግጠው ሰውየው እዚያ ቦታ እንደነበረ ነው፤ ምን እንደሠራ አይነግራችሁም። እሱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቁጥሩን ያዙና ‹‹ይህን ከየት አመጣሽው?›› ብላችሁ ጠይቁ። የፈጠረው ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ አያልፍም። የሠራችው ልጅ ግን ስለ 17ቱ ሳምንት፣ ስለ ሐምሌው ጭርታ፣ ማዳበሪያውን ሳይቀንሱ መመዘን ስለሚያመጣው ጠብ፣ ሒሳብ ስለጎደለባቸው ስለ ሁለቱ ቀናት ትነግራችኋለች፤ አንዱ ቀን ለጫኞች የተከፈለው ሳይጻፍ ቀርቶ እንደነበርም ጭምር።