«አልተገኘም» ማለት «ነፃ ወጣ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ልጅ በቴሌግራም የአንዲት ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። መርካቶ፣ ሚሊታሪ ተራ አካባቢ ልብስ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ወረቀቷ ላይ የካርድ ቁጥርና ቀን አለ፤ ከታች ደግሞ በእንግሊዝኛ «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» ይላል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ይሄ ነገር ነፃ ነህ ማለት ነው? መድኃኒቱን ላቁም?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው። ለሁለተኛው ደግሞ በፍጹም። ግን ልጁ የጠየቀው ነገር የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲህ እንዲያስብ ያደረገው የእኛው አማርኛ ነው። ከዓመታት በፊት ጀምሮ ጣት ተወግቶ በሚደረገው ፈጣን ምርመራ ላይ «አልተገኘብህም» ስንባል «ነፃ ነህ» ማለት እንደሆነ ተምረናል። አሁን ደግሞ በሌላ ምርመራ ላይ፣ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ «አልተገኘም» የሚል ቃል እንሰጠዋለን። ሁለት ምርመራ፣ አንድ ቃል። ታዲያ ሰው ቢደናገር ምን ይገርማል?

ሁለቱ ምርመራዎች የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ በዋናነት ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈልገው። ያ ነገር አንዴ ከተመረተ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም ውስጥም ይቆያል። ስለዚህ «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» የተባለው ልጅ ነገ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣቱን ቢወጋ፣ ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ነው የሚሆነው። ውሸታም ምርመራ የለም፤ የተጠየቁት ጥያቄ ስለተለያየ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከድድ በሚወሰድ ፈሳሽ የሚሠራው የራስ መመርመሪያ መድኃኒት ለጀመረ ሰው አይመከርም። አንዳንዴ በስህተት «የለም» ሊል ይችላል፤ ያኔ ግራ መጋባቱ ይብሳል።)

ቫይራል ሎድ የሚባለው ምርመራ ግን ቫይረሱን ራሱን ይቆጥራል። ከክንድ ደም ይወሰዳል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት የቫይረስ ቅጂ እንዳለ መሣሪያው ይለካል። አንድ ሚሊ ሊትር ሃያ ጠብታ ገደማ ነው። «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ትርጉሙ ይኸው ብቻ ነው፤ በዚያች ናሙና ውስጥ መሣሪያው ሊያየው የሚችል ቫይረስ አልነበረም።

ታዲያ የት ሄደ? መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ዋናው ዕቃ ጓሮ፣ መጋዘን ውስጥ ተቆልፏል። ባንኮኒው ባዶ ስለሆነ ብቻ ነጋዴው ዕቃ የለውም አይባልም። ቫይረሱም ረጅም ዕድሜ ባላቸው የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ የሚቀመጥበት መጋዘን አለው። መድኃኒቱ የሚያቆመው መባዛቱን ነው፤ የተኛውን ግን አይነካውም። የቫይራል ሎድ ምርመራም መጋዘኑን አይቆጥርም። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጋዘኑ ይከፈትና ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ሰውየው ያኔ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ችግሩም ይሄ ነው።

ውጤቱን «ዳንኩ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው መድኃኒቱን አይደለም። ፀበል የሚጠመቅ ሰው ፈውሱ ተረጋገጠ ብሎ ኪኒኑን ሊተው ይችላል። ይሄን ስል እምነትን ለመንካት አይደለም፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ምእመናንን መክረው ነበር። ወረቀቷ ላይ ያለው ቃል ግን ያንን ምክር በአንድ ቀን ሊያፈርሰው ይችላል።

ስለ «ሎድ»ም ጥቂት ልበል። መርካቶ ውስጥ ሎድ ስትል ሰው የሚያስበው አይሱዙና ወዛደር ነው። አንዳንዱ ትርጉም «የቫይረስ ጫና» ይለዋል፤ ሌላው «ሸክም»። ሁለቱም አይጥሙኝም። «ጫናሽ ጨምሯል» የተባለች ሴት ስለ ደም ግፊት የተነገራት ሊመስላት ይችላል። «ሸክም» ደግሞ በሰውየው ላይ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል። «በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን» ረዘም ይላል፤ ግን የሚለውን ይላል። የሚለካ ነገር ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሰውየውን ጠባይ አይናገርም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ይሄን መጠን በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል። ከ1,000 ቅጂ በላይ ከሆነ ቫይረሱ ገና አልተገታም ማለት ነው። ተገኝቶ ግን 1,000 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተገትቷል። ጭራሽ ካልተገኘ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ድርጅቱ አያይዞ የተናገረውን ወጣቶች በደንብ ልታውቁት ይገባል፦ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ የማይገኝበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ጓደኛው የማስተላለፍ ዕድሉ ዜሮ ነው። ተገትቶ ጥቂት የሚገኝበት ሰው ዕድል ደግሞ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም።

ዜሮ ሲባል የማጽናኛ ወሬ አይደለም። ፓርትነር የተባለው ጥናት በ14 የአውሮፓ አገሮች አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል። ያለ ኮንዶም ወደ 58,000 ጊዜ ገደማ ግንኙነት ተፈጽሟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 11 ሰዎች ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ይሄን ሲሰማ «አያችሁ!» የሚል አይጠፋም። ግን ተመራማሪዎቹ የቫይረሱን ዘር ሲመረምሩ አንዱም ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛው የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው። ዜሮው ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ጡት በማጥባትና መርፌ በመጋራት ያለው ዕድል ቢቀንስም ዜሮ ነው አይባልም። ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችንም መድኃኒቱ አይከላከልም።

ቁጥሩ ከፍ ሲልስ? እዚህ ጋ ነው ሌላው ክፉ ቃል የሚመጣው። በርበሬ ተራ የምትሠራ አንዲት ሴት መድኃኒት ከጀመረች በ6 ወሯ የተደረገላት የመጀመሪያ ምርመራ 2,300 አሳየ። «ፌይል አድርገሻል» አሏት። አማርኛችን «ፌይል»ን ከማትሪክ ጋር ነው የሚያውቀው። ሰነፍ ተማሪ የሆነች መሰላት፤ ቀጣይ ቀጠሮዋን ልትቀር ነበር።

ከአንድ ከፍ ያለ ቁጥር ተነስቶ መድኃኒቱ አልሠራም አይባልም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ አወሳሰዷ በደንብ ይታያል፣ ምክር ይሰጣታል፣ ከ3 ወር በኋላ እንደገና ትለካለች። ያኔም ከ1,000 በላይ ከሆነ ነው ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ የሚጠየቀው። እሷን ቁጭ አድርጋ የጠየቀቻት ነርስ «ኪኒኑን ትውጪያለሽ ወይ?» ብላ ብቻ አላለፈችም። «ከምን ጋር ትውጪያለሽ?» አለቻት። ነገሩ የወጣው ከዚያ ነው። ሴትየዋ ጨጓራ አለባት፤ በየማታው ኪኒኗን የምትውጠው ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ጋር አንድ ላይ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንዴ የሚዋጥ ቲኤልዲ የሚባል ኪኒን ነው፤ ውስጡ ሦስት መድኃኒት አለ። አንዱ ዶሉቴግራቪር ነው። የጨጓራ ማስታገሻ ውስጥ ያለው ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ከዶሉቴግራቪር ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቅና ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። እሷ በየቀኑ ውጣለች፤ ሰውነቷ ግን የሚበቃውን አላገኘም። መፍትሔው ኪኒኑን ከማስታገሻው 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ነው። ከ3 ወር በኋላ ውጤቷ ከ50 በታች ሆነ። መድኃኒት መቀየር አላስፈለጋትም። «ፌይል» ያደረገው እንግዲህ ማን ነው? «ሕክምናው እስካሁን ቫይረሱን አልገታውም፤ ምክንያቱን እንፈልግ» ቢባል ኖሮ ሴትየዋ ሌሊቱን በለቅሶ አታሳልፍም ነበር።

ይሄን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ብዙዎቹ የኤችአይቪ አገልግሎት ላይ ነበሩ። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ግን «ከምን ጋር ትውጪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ኪኒኑ ጠርሙስ ውስጥ አብሮ አይመጣም። የሚጠይቅ ሰው ሲያንስ፣ ሰው ከወረቀቷ ጋር ብቻውን ይቀራል። ወረቀቷ ደግሞ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚው ቲክቶክ ነው።

ስለ ሰዎቹም መጠሪያ አንድ ነገር። «ተጠቂ» የሚለውን ቃል ጋዜጠኞች ሳይቀሩ እስካሁን ይጽፉታል። ቲኤልዲ ወስዶ፣ ጠዋት ሱቅ ከፍቶ፣ ማታ ሂሳብ ዘግቶ የሚገባን ሰው ምን አጠቃው? «በደማቸው ውስጥ ቫይረሱ የሚገኝ» የሚለው ረጅም ነው፤ ይሁን። «ነፃ» ግን ጭራሽ ቢቀር እመርጣለሁ፤ አንዱን ነፃ ስንል ሌላውን እስረኛ እያደረግነው ነው። «ቫይረሱ የለባትም» ማለት ምን ይጎድለዋል?

ወረቀቷ ላይ በአማርኛ ሦስት መስመር ቢታተም እኔ የምጽፈው ይሄንን ነው፦ «በዛሬው የደም ናሙናዎ መሣሪያው ቫይረስ አላገኘም፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ቫይረሱ ግን ተኝቶ በሰውነትዎ ውስጥ ስላለ፣ መድኃኒቱ ከቆመ ይመለሳል። መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰዱ ውጤቱ እንዲህ እስከቀጠለ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉም።» «እርስዎ» ያልኩት ለክብር ብቻ አይደለም። አማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ካለ ጾታን ይናገራል፤ ወረቀቷ ከኪስ ወድቃ ብትገኝ የማን እንደሆነች ያለ ምክንያት ፍንጭ መስጠት የለባትም።