“ባትሪው ሞቷል” ከመባሉ በፊት መሐሏ ፒን ትታይ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ላፕቶፕ ቻርጅ አላደርግ ሲል ባለቤቱ በተደጋጋሚ የሚሰማው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፦ “ባትሪው ሞቷል” ወይም “ቦርዱ ተቃጥሏል”። ሁለቱም ውድ ፍርዶች ናቸው። ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ሳይለካ ነው፤ ወይም ደግሞ ግማሹ ብቻ ተለክቶ። የሚያሳስተው ይሄ ግማሹ ነው።

እንበልና አንድ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበትን ያገለገለ ዴል ላቲትዩድ ይዞ ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ መጣ። ላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካበት ይሠራል፣ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ “Plugged in, not charging” ይላል። ከዚያም በላይ ማሽኑ እጅግ ቀርፋፋ ሆኗል። ጠጋኙ ቴስተሩን አውጥቶ የቻርጀሩን ጫፍ ይለካል፤ 19.5 ቮልት። “ቻርጀሩ ጤነኛ ነው፣ ባትሪ ቀይር” ይላል። ተማሪው ከቤተሰብ ገንዘብ አስልኮ ባትሪ ይገዛል። አዲሱም አይሞላም። “እንግዲያው ቦርዱ ነው” ይባላል፤ መቅርፈፉም እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ቀጥሎ የሚመጣው ላፕቶፑን ለመለዋወጫ በርካሽ መሸጥ ነው።

ስህተቱ ያለው የመጀመሪያው ልኬት ላይ ነው። ክብ ጫፍ ባለው የዴል ቻርጀር ውስጥ መሐል ላይ አንዲት ቀጭን ፒን አለች። ዋናው ኃይል በእሷ አያልፍም። የእሷ ሥራ ቻርጀሩ ውስጥ ካለች ትንሽ ቺፕ “እኔ የዴል ነኝ፣ 65 ዋት ነኝ” የሚለውን መልእክት ለላፕቶፑ ማድረስ ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ላፕቶፑ የተሰካበትን አያምነውም፤ ባትሪውን አይሞላም፣ ኃይል ለመቆጠብም የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል። ቴስተሩ የሚለካው ቮልቱን እንጂ መልእክቱን አይደለም። ስለዚህ ፒኗ ብትታጠፍ፣ ወይም ገመዱ ጫፉ አካባቢ ሲጠማዘዝ ኖሮ ቀጭኗ ሽቦ ብትበጠስ፣ 19.5 ቮልቱ እንዳለ ይቆያል። ቺፕ የሌለው ርካሽ ኮፒ ቻርጀርም ያንኑ ምልክት ያሳያል።

ላፕቶፑ ራሱ ይናገራል፤ የሚያነበው ሲጠፋ ነው ችግሩ። ሲከፈት “The AC power adapter wattage and type cannot be determined” የሚል ጽሑፍ ካመጣ መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ ካልታየም ማሽኑ ሲነሳ F2 ተጭኖ ባዮስ ውስጥ መግባትና የባትሪ መረጃ ገጽ ላይ ስለ ቻርጀሩ የሚለውን ማየት ነው። ዋቱን በቁጥር ከጻፈ ቻርጀሩ ታውቋል፤ ካላወቀው ባትሪ ለመግዛት ጊዜው ገና ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ዋቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ ጫፉም አንድ ዓይነት የሆነ ኦርጅናል የዴል ቻርጀር ከጓደኛ ተውሶ መሰካት ነው። ባትሪው መሙላት ከጀመረ ጉዳዩ አለቀ፤ የተበላሸው ቻርጀሩ ነበር። ቻርጀሩ አሁንም ካልታወቀ ጥርጣሬው ወደ መሰኪያው ይዞራል። ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ገመዱ ሲያዘም ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው። በብዙ ላቲትዩዶች መሰኪያው ቦርዱ ላይ አልተበየደም፤ አጭር ገመድ ያለው ራሱን የቻለ ዕቃ ስለሆነ ተነቅሎ ይቀየራል። ቦርዱ ሊጠረጠር የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የቻርጀሩ መብራት ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ ሾርት አለ። ያኔም ቢሆን ባለሙያው ባትሪውን አላቅቆ የመሰኪያውን ገመድ ከቦርዱ ይንቀልና ቻርጀሩን ይሰካ። መብራቱ አሁንም ከጠፋ ሾርቱ መሰኪያው ውስጥ ነው፤ ከበራ ግን ቦርዱ ላይ ነው። ሲለካም የቴስተሩ ጫፍ መሐል ፒኗንና የውስጥ ግድግዳውን አንድ ላይ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 19.5 ቮልት ወደዚያች ቀጭን መስመር ከገባ ቺፗን ያቃጥላታል፤ ደህና የነበረ ቻርጀር ለምርመራ ገብቶ ተበላሽቶ ይወጣል።

በእርግጥ ባትሪም ያረጃል። ያ ግን በግምት አይነገርም፤ ዊንዶውስ ላይ ይህ ትእዛዝ ይጻፋል፦

```
powercfg /batteryreport
```

በሚወጣው ሪፖርት ላይ “DESIGN CAPACITY” እና “FULL CHARGE CAPACITY” ይነጻጸራሉ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ ባትሪው በእርግጥ ደክሟል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ግን “ሞቷል” የሚለው ወሬ ነው።

ጠጋኞቹ ሁሉ ሆን ብለው ያታልላሉ ማለት አይደለም። ኦርጅናል ቻርጀር በትናንሽ ከተሞች እንደልብ አይገኝም፤ ቴስተር ግን በየሱቁ አለ። ቢሆንም ላፕቶፕ እጠግናለሁ የሚል ሱቅ የተሞከረ አንድ ኦርጅናል የዴል፣ አንድ ኦርጅናል የኤችፒ ቻርጀር ለምርመራ ብቻ ማስቀመጥ አለበት፤ ብዙ የኤችፒ ቻርጀሮችም ያቺ መሐል ፒን አለቻቸውና። ደንበኛውም ባትሪ ከመግዛቱ በፊት “ባዮሱ ስለ ቻርጀሩ ምን ይላል? አሳየኝ” ቢል መብቱ ነው።