«በማንኛውም የሥራ ድርሻ»

ለሕግ ተማሪዎች ለውጤት ከሚሰጡ የጽሑፍ ሥራዎች ውስጥ ያለመወዳደር ግዴታን የሚመለከተውን የሕግ ማስታወሻ ያህል ተማሪውን ከነአስተሳሰቡ የሚያሳየኝ የለም። ጥያቄው አጭር ነው። ሠራተኛዋ ስትቀጠር «ከለቀቅሁ በኋላ ለተፎካካሪ ድርጅት አልሠራም» ብላ ፈርማለች፤ አሁን ተፎካካሪው ዘንድ ልትገባ ነው። ውሉ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይጸናል ወይስ አይጸናም? እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ጥያቄው የክፍል ውስጥ ልምምድ ብቻ አይደለም። በአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ በጥርስ ክሊኒክ ወይም በሶፍትዌር ድርጅት የሚቀጠር ወገናችን በመጀመሪያው ቀን ከሚፈርማቸው ወረቀቶች መካከል ይህ ግዴታ ያለበት ሊገኝ ይችላል፤ ብዙውም ሳያነበው ይፈርማል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ይህን ማስታወሻ በደንብ መጻፍ እንዲችሉ ከልቤ እፈልጋለሁ።

በተደጋጋሚ የማየውን ችግር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ለልምምድ በተዘጋጀው መዝገብ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አሌክሳንድሪያ ባለ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አስተባባሪ ናት። የነርሶችን ተራ ታወጣለች፣ ከበሽተኛ ቤተሰቦች ጋር ትነጋገራለች፣ ድርጅቱ ኢንሹራንሶችን የሚያስከፍለውን ዋጋ ታውቃለች። ውሉን የፈረመችው በማርች 2022 ነው። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ለቀቀች፤ አዲሱ ሥራዋ በተፎካካሪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የሠራተኞችን ደመወዝ ማዘጋጀት ነው። የውሉ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛዋ ከለቀቀች በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ከአሌክሳንድሪያው ቢሮ በ25 ማይል ክልል ውስጥ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ በተሰማራ በማንኛውም ድርጅት፣ በባለቤትነት፣ በተቀጣሪነት፣ በአማካሪነት፣ በባለአክሲዮንነት ወይም በማንኛውም የሥራ ድርሻ አትሳተፍም።

አብዛኛው ተማሪ ይህን እንዳነበበ ወደ ሁለቱ ቁጥሮች ይሮጣል። ሁለት ዓመት ይበዛል ወይስ አይበዛም? 25 ማይል ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ሦስት ገጽ ይሞላበታል፤ የሁለት ዓመት ገደብ የጸናባቸውንና ያልጸናባቸውን ፍርዶች ይደረድራል። ቁጥር ለማነጻጸር ስለሚመች ሥራ የተሠራ ይመስላል። የጉዳዩ ዕጣ የሚወሰንበት «በማንኛውም የሥራ ድርሻ» የሚለው ሐረግ ግን በሁለት መስመር ይታለፋል።

ከሐረጉ በፊት መፈታት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ያለው መዝገቡ መጨረሻ ላይ በተያያዘች አንዲት የቀጣሪዋ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕጓ፣ በቁጥር 40.1-28.7:8፣ ቀጣሪ ከዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ ጋር እንዲህ ያለ ውል እንዳይገባ፣ እንዳያስፈጽም፣ «አስፈጽማለሁ» ብሎም እንዳያስፈራራ ከልክላለች። ቅጣቱ በአንድ ጥሰት 10,000 ዶላር ነው። «ዝቅተኛ ተከፋይ» ሲባል በሰዓት ጥቂት ዶላር የሚያገኝ ሰው ብቻ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። መለኪያው ግን የግዛቲቱ አማካይ ሳምንታዊ ደመወዝ ነው፤ በ2025 ይህ 1,463 ዶላር ገደማ፣ በዓመት ሲሰላ ከ76,000 ዶላር የሚበልጥ ነበር።

የሠራተኛዋ ደመወዝ ስትለቅ 84,000 ዶላር ነው። ተማሪው ለ52 ያካፍለዋል፣ 1,615 ያገኛል፣ «ከመስመሩ በላይ ስለሆነች ሕጉ አይጠብቃትም» ብሎ ያልፋል። ደብዳቤዋ ግን 84,000 የሆነው በኦገስት መጨረሻ በተሰጠ ጭማሪ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት 70,000 እንደነበር ትናገራለች። ሕጉ ደግሞ የሚያየው በመጨረሻው ቀን የነበረውን ደመወዝ አይደለም፤ ከመልቀቋ በፊት በነበሩት 52 ሳምንታት ያገኘችውን ደምሮ ለ52 ያካፍላል። ስለዚህ 43 ሳምንት በቀድሞው ደመወዝ፣ 9 ሳምንት በአዲሱ ይሰላል። ድምሩ 72,423 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ሳምንታዊ አማካዩ 1,393 ነው። ሠራተኛዋ ከመስመሩ በታች ናት፤ ቀጣሪው ይህን ግዴታ ሊያስፈጽምባት አይችልም ማለት ነው። አንድ የማካፈል ስሌት የማስታወሻውን መልስ ገለበጠው።

ይህን ያገኘ ተማሪም ቢሆን ብዕሩን ማስቀመጥ የለበትም። መዝገቡ ስለ ጉርሻ የሚለው ነገር የለም። በዓመቱ ውስጥ የ4,000 ዶላር ጉርሻ ተከፍሏት ከነበረና እንደ ገቢ ከተቆጠረ ድምሩ መስመሩን ይሻገራል። ጥሩ ማስታወሻ ይህን በግልጽ ጽፎ የደመወዝ ደረሰኞቿን ይጠይቃል። መጥፎው በልቡ «ጉርሻ የለም» ብሎ ይገምትና ግምቱን ፍሬ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ ነጥብ ስቀንስ በጣም የምጨክነው እዚህ ላይ ነው፤ ማስታወሻውን የሚያነበው ጠበቃ ተማሪው የገመተውን ከመዝገቡ ካገኘው መለየት አይችልምና።

ደብዳቤዋ ሌላም ነገር አላት። «ሌሎች የውልዎ ድንጋጌዎች እንደጸኑ ይቀጥላሉ» ትላለች፤ ሠራተኛዋም ፈርማባታለች። ሕጉ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተሻሽሏል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች የደመወዛቸው መጠን ምንም ይሁን ምን በዝቅተኛ ተከፋይነት ይቆጠራሉ። ማሻሻያው የሚሠራው ከዚያ ቀን ወዲህ ለተገቡ፣ ለተሻሻሉ ወይም ለታደሱ ውሎች ነው። በኦገስት የተፈረመችው ደብዳቤ የ2022ቱን ውል አድሳዋለች ይባላል? ለሁለቱም ወገን የሚከራከርበት ነገር አለ፤ ማስታወሻው ሁለቱንም ማሳየት አለበት። የወር ደመወዝተኛ መሆኗ ብቻ ትርፍ ሰዓት አያስቀርባትም፤ የምትሠራው የሥራ ዓይነትም ይታያል።

አሁን ወደ ሐረጉ እንመለስ። የጉርሻው ጉዳይ እስኪጣራ ድረስ ማስታወሻው ሁለተኛ መሠረት ያስፈልገዋል፤ እሱም የዳኞች ሕግ ነው። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ገደብ በጥርጣሬ ዓይን ያዩታል፤ የማስረዳት ሸክሙም የቀጣሪው ነው። የተከለከለውን የሥራ ዓይነት፣ ቦታውንና ጊዜውን ነጣጥለው ሳይሆን አንድ ላይ ይመዝናሉ።

እዚህ ላይ ለተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ሆም ፓራማውንት የሚባለው ጉዳይ ነው። የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ሠራተኛ ወደ ተፎካካሪ ሄደ፤ ውሉ ለሁለት ዓመት በባለቤትነት፣ በተቀጣሪነት፣ በባለአክሲዮንነት ወይም በምንም መንገድ በዘርፉ እንዳይሳተፍ ይከለክል ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ይህንኑ አንቀጽ፣ በዚሁ ቃሉ፣ አጽንቶት ነበር። በ2011 ግን አላጸናውም። በመካከል ባሉት ዓመታት ፍርድ ቤቱ በሌሎች ጉዳዮች ላይ «የሥራ ዓይነት» የሚለውን መመዘኛ ደረጃ በደረጃ እያጠራው መጥቶ ነበር፤ አንቀጹ ሠራተኛው ከቀድሞ ሥራው ጋር የማይገናኝ ሥራ እንኳ እንዳይሠራ፣ አክሲዮንም እንዳይይዝ የሚከለክል ሆኖ አገኘው፤ ቀጣሪውም ያን ያህል ስፋት ለምን እንዳስፈለገው አላስረዳም። አንዲት ዳኛ ሕጉ በቀደመው ፍርድ መርጋት ነበረበት ብለው በልዩነት ጽፈዋል። ቃሉ ሳይለወጥ ውጤቱ ከተለወጠ፣ የ1989ኙን ፍርድ ብቻ አግኝቶ «ይጸናል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምን ያህል እንደሚሳሳት መገመት አያዳግትም። ማንኛውንም ፍርድ ከመጥቀስ በፊት ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰበት ማየት ግድ ነው።

በእኛ መዝገብ ይህ ምን ያመጣል? ተማሪው ሠራተኛዋ አሁን የያዘችውን የሒሳብ ክፍል ሥራ ብቻ ማየት የለበትም። ዳኛው የሚመዝነው አንቀጹ ምን ሊከለክል እንደሚችል ነው። እንደተጻፈ ከተወሰደ ለተፎካካሪው ድርጅት ቢሮ እንዳታጸዳ፣ ስልክ እንዳታነሳ፣ የድርጅቱን ጥቂት አክሲዮን እንዳትገዛ ይከለክላታል። ቀጣሪው የሚጠብቀው ተገቢ ጥቅም አለው፤ የበሽተኞቹን ዝርዝርና የዋጋ ስምምነቱን ታውቃለች። ያ ጥቅም ግን የአስተባባሪነት ሥራን በመከልከል ይጠበቅ ነበር። ሰፊውን አንቀጽ አጥብቦ ያስፈጽምልኝ ብሎ መጠበቅም አይቻልም፤ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ውሉን ለቀጣሪው አያርሙለትም፤ ከሰፋ ይወድቃል።

ተማሪው እዚህ ሲደርስ ድል ያደረገ ይመስለውና «አንቀጹ ያለጥርጥር ዋጋ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ማስታወሻ ግን የክርክር ጽሑፍ አይደለም፤ ዳኛው ምን ሊወስን እንደሚችል የሚተነብይ ጽሑፍ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሹራንስ ዴታ በተባለው ጉዳይ በ2013 እንደወሰነው፣ የእንዲህ ያለ አንቀጽ ምክንያታዊነት ክሱ በተነበበበት ደረጃ ላይ ያለ ማስረጃ አይወሰንም፤ ቀጣሪው ለማስረዳት ዕድል ማግኘት አለበት። ስለዚህ ትክክለኛው አጭር መልስ «አይጸናም ተብሎ ሳይወሰን አይቀርም» የሚል ሆኖ ምክንያቶቹን ተከትሎ ያስቀምጣል፦ አንደኛ፣ ጉርሻ ካልነበረ ሠራተኛዋ በሕጉ የተጠበቀች ስለሆነች፤ ሁለተኛ፣ ያ ባይሆን እንኳ ክልከላው ከሠራችው ሥራ እጅግ ስለሚሰፋ።

አንዳንዶች የፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣውን አገር አቀፍ እገዳ ጠቅሰው ጉዳዩን በአንድ መስመር ይዘጋሉ። ያ ደንብ ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ኦገስት ቴክሳስ ባለ የፌደራል ፍርድ ቤት ተሰርዟል፤ ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን ትቶታል።

መደምደሚያው ለደንበኛዋ ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት፤ እሷ የምትጠይቀው ሰኞ ሥራ ልጀምር ወይስ አልጀምር ብላ ነው። መጀመር ትችላለች፤ ሆኖም የቀድሞ ቀጣሪዋ ሊከሳት ይችላል፤ ማስረጃ ካልተሰማ በቀር መዝገቡ ላይዘጋ ስለሚችል ቢረታም ወጪ አያጣትም። ሕጉ ምስጢር የመጠበቅን ግዴታ አይነካም፤ የበሽተኞቹን ዝርዝርና የዋጋ ሠንጠረዡን ይዛ መውጣት የለባትም፤ በስልኳ ወይም በግል ኢሜይሏ የቀረ ነገር ካለም ከመሰረዟ በፊት ጠበቃዋን ትጠይቅ። ጠበቃዋ ደግሞ ከሁሉ በፊት ከኦክቶበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ያሉትን የደመወዝ ደረሰኞቿን በሙሉ እንድታመጣ ይንገራት።